ስለ ውሾቹ ጠይቀኝ

ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያልፍ፣ ከዚያ ሁሉ ዕድሜ የሚተርፈው ምንድን ነው? ከኪዳነ ማርያም ሕይወት ለእኔ የተረፈኝ አንድ ሰላምታ ብቻ ነው።

ታሪኩን የነገረኝ አያቴ ወልደ ሰንበት ነው። በ፲፰፻፸ዎቹ መጨረሻ አንኮበር ላይ ቅኔ ይማር ነበር። ኪዳነ ማርያም ሚስቱን ቀብሮ፣ በሬዎቹን ለወንድሙ ትቶ ከመዘዞ ሲመጣ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የጎጆው ተማሪዎች ግን ሃያ እንኳ አልሞላቸውም። ቅኔ ደግሞ ብቻን አይዘለቅም። መምህሩ የነገሩትን ከጓደኛ ጋር ካልቀጸሉት፣ እየተራረሙ ካልከለሱት፣ በማግስቱ ባዶ ነው። የጓደኝነቱ በር ሰላምታ ነበር።

በየደጁ ውሻ ሲያባርረው ውሎ ከልመና የተመለሰ ተማሪ "እንዴት ዋልህ" አይባልም። "ውሾቹ ደኅና ናቸው?" ነው የሚባለው። መልሱ አጭር ነው፤ ቀልዱም በራስ ላይ ይዞራል። አንድ ጊዜ ተስቆ ያበቃል። ዱላውን በር ላይ አስደግፎ የገባ ይጠየቃል፤ እንደያዘ የገባ ግን፣ የከበደው ነገር አለና፣ ራሱ እስኪናገር ይተዋል።

ኪዳነ ማርያም ሁለት ወር ዝም ብሎ አዳመጠ። አንድ ቀን የለበሳት ደበሎ ተቦጭቃ ሲገባ አያቴ፣ "አንተ ሽማግሌ፣ ውሾቹ ደኅና ናቸው?" አለው።

"ደኅና ናቸው። ጥርስ የሌለውም ደፈረኝ።"

ጎጆዋ በሳቅ ተናወጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአያቴ ጋር ይቀጽል ጀመር።

እሱን ያጠፋው ደስታው ነው። በየመንገዱ ቀልድ ያጠራቅም፣ የልጆቹን አነጋገር ይቀዳ፣ ለአንድ ጥያቄ አራት መልስ ይደረድር ጀመር። ሳቁ ሲሳሳ አላስተዋለም።

አንድ ከሰዓት ኃይለ ገብርኤል፣ ከሁሉም ታናሹ፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ መጣ። ዱላው በእጁ ነው። ሌሎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። ኪዳነ ማርያም ዱላውን አይቷል፤ ቀልዱ ግን ከጧት ጀምሮ አፉ ላይ ነበረ።

"ኧረ ኃይሌ! ፊትህ እንዲህ የጠቆረው፣ ውሾቹ መርዶ ነገሩህ እንዴ?"

"ውሾቹ አይደሉም" አለ ልጁ። "ያገሬ ሰው ነው፤ ገበያ አገኘኝ። እናቴ ሞታለች።"

ኪዳነ ማርያምን የሰደበው አልነበረም። በማግስቱ ግን ሲገባ ሁሉም ተነሡለት። "እንደምን ዋሉ፣ አባታችን?" አሉት። ከምድጃው ዳር አስቀመጡት፤ ከተለመነው እህልም ደኅናውን ለእሱ አስቀደሙ። አብሮት የሚቀጽል ግን ጠፋ። አባትን "ተሳሳትህ" ብሎ ማን ያርማል? እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ ከዚያ ክብር የከፋ ቅጣት አላየሁም።

ትምህርቱ እየተበተነበት እስከ ሰኔ ቆየ። ወደ መዘዞ ሊመለስ በተነሣበት ጧት ዱላውን በሩ ላይ አስደገፈና እንደ አዲስ ገባ።

"ወልደ ሰንበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ውሾቹ ጠይቀኝ" አለው።

አያቴ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

"በደኅና ይግቡ፣ አባታችን።"