ለፈተናው ጧት የጻፍሁት ቃል

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲቃረብ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ወላጆች መልእክት ጻፍሁ። ቆቦ ላይ ልጅን ከፈተናው ይልቅ የሚያስጨንቀው «ስንተኛ ትወጣለህ?» የሚሉት ነገር ነው፤ አልወደውም።

«ደረጃ አትጠይቋቸው። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት አስጠኗቸው፤ የከበዳቸውን ጠይቋቸው፤ በጊዜ ይተኙ። በፈተናው ጧት ‹በርታ፤ ምንም ብታመጣ ልጄ ነህ› ብላችሁ ላኳቸው» አልሁ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ስላሉ ልጆቹ ራሳቸው ቤት ወስደው አነበቡላቸው።

በፈተናው ጧት አንዲት ተማሪዬ ክፍሉ በር ላይ ጠበቀችኝ። እናቷ ዓረብ አገር ናት፤ ስልኳን ማንሣት ካቆመች ሰንብታለች። የሚያሳድጋት አጎቷ ነው።

«አጎቴ ያስጠናኛል፤ በጊዜም ያስተኛኛል» አለች። «ዛሬ ግን ሳልነቃ ማሽላ ሊወቃ ሄደ። የጧቱን የሚለኝ አጣሁ። እርስዎ ይበሉኝ፣ ቲቸር።»

ራሴ የጻፍሁት ቃል ነው፤ ምን ይከብዳል ብዬ ጀመርሁ።

«በርቺ፤ ምንም ብታመጪ…»

እዚያ ላይ አቁሜ የክፍሉን በር ከፈትሁላት። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጽሑፉን ለአጎቷ ስታነብ በቃሏ ይዛዋለች።

«‹ልጄ ነሽ› የሚለው ቀረ» አለችኝ።