ሁለት በር፣ አንድ መስኮት

የባለቤቴ ታላቅ እህት ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ቀለም መሸጫ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ነው። ደንበኞች «ወይዘሮ ካሬ» ይሏታል፤ እኛ እትዬ ነው የምንላት። ሰው መጥቶ «ለአንድ ክፍል የሚሆን ቀለም ስጪኝ» ካላት እጇ ወደ ጣሳው አይሄድም። ዙሪያው ስንት ሜትር ነው? ቁመቱስ? ስንት በር፣ ስንት መስኮት? ሰውየው አያውቅም። «እንግዲያው ሂድና ለክተህ ና» ትለዋለች። በዚህ የተነሳ ስንቱ አኩርፎ ሄዷል። የሱቁ ባለቤት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ሊገዛ የመጣውን ሰው ሜትር አስይዘሽ ትመልሽዋለሽ» እያለ ሲነጫነጭባት ኖረ። እሷ ግን ለማንም አንድ ጣሳ ትርፍ ሸጣ አታውቅም። ዙሪያውን በቁመቱ ታባዛለች፣ በሩንና መስኮቱን ትቀንሳለች፣ ሁለት እጅ ስለሚቀባ እጥፍ ታደርገዋለች፣ ከዚያ አንድ ሊትር ለሚሸፍነው ታካፍለዋለች። ሁሉንም ጣሪያ ጣሪያ እያየች በቃሏ ነው።

ባለቤቴ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ሒሳብ ላይ ግን አያድርስ ነው። የምንኖረው ከወላጆቻቸው በቀረ ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእኛ፣ መሐላቸው አንድ በር። ያ በር ተቆልፎ አያውቅም። ጠዋት ባለቤቴ ገና ከአልጋ ሳይወርድ «እትዬ፣ አምስት በአራት፣ ቁመቱ ሦስት፣ አንድ በር ሁለት መስኮት» ይላል። ከወዲያ ክፍል ጫማዋን እያጠለቀች መልሱን ትልክለታለች። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ይሄ ነገር ደሜን ያፈላው ነበር። ምን ዓይነት ቤት ነው፣ ሰው ጎህ ሲቀድ ስለ ካሬ የሚያወራበት! እሷ ሳቀችብኝ እንጂ አልተቀየመችኝም። ፀጉሬ ሸብቶም እስከ ዛሬ «ሙሽራ» ነው የምትለኝ።

ባለፈው ሰሞን ዓይኗን ሞራ ጋረዳትና ኦፕራሲዮን ሆነች። ልጇ «እኔ ጋ ታገግም» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ስትወጣ በመሐል በሩ ብቅ ብላ፣ «ፋሻው እንደተፈታ እመጣለሁ፤ አበባዬን ውኃ እንዳትነፍጉት» አለችን።

ክፍሉ በልጇ ስም ነበር። ሸጠው።

መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አጎቴ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ብቻዋን እዚህ ምን ትሠራለች? ፋሻው እስኪፈታ ግን እንዳትነግሯት። ሐኪሙ ማልቀስ የለባትም ብሏል።» ብቻዋን አለ፤ እኛ እዚያው ፊቱ ተቀምጠን። ባለቤቴ «እሺ» አለ። እኔም ምላሴን ነክሼ ተውኩት።

የገዢው ግንበኛ መጥቶ በሩን ነቀለው፣ ቦታውን በብሎኬት ደፈነው፣ ከዚህም ከዚያም ለሰነው። ባለቤቴ ውኃ ያቀብለው ነበር። እኔ አለቅሳለሁ ብዬ ስጠብቅ ምንም አልመጣም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆንኩ፤ የሆነ ነገር እየተደረገብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አይሰማኝም። እሱም እንደዚያው ነው መሰለኝ። ልስኑ እስኪደርቅ ድረስ ጀርባውን ሰጥቶት ነበር የሚበላው።

በአረንጓዴው ግድግዳ መሐል ግራጫው ልስን አፍጥጦ ቀረ። «ወይ ቀባው፣ ወይ እኔ ከዚህ ቤት ልውጣልህ» አልኩት። «እቀባዋለሁ» አለ።

ማታ እትዬ ስትደውል አፌ አያርፍ፣ ክፍላችንን ሊቀባ እንደሆነ ነገርኳት። ድምፅዋ ወዲያው ሞቅ አለ። «ስጪኝ እስቲ እሱን። ሊትሩን ሳይጠይቀኝ ሊገዛ ነበር?»

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት።

«አራት በሦስት ተኩል፤ ዙሪያው አሥራ አምስት ነው» አለች። «ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ። አርባ ሁለት ካሬ። ሁለት በር፣ አንድ መስኮት፤ ሦስቱም ሁለት ሁለት ካሬ ናቸው፣ ስድስት ቀንስ። ሠላሳ ስድስት። ለሁለት እጅ ሰባ ሁለት። ያ ግድግዳ በሊትር ዘጠኝ ካሬ ነው የሚሄድልህ። ስምንት ሊትር። ባለ አራት ሊትር ሁለት ጣሳ ግዛ፤ ልክክ ይልልሃል።»

ሁለት በር ስትል ባለቤቴ ዞሮ ልስኑን አየው። ጨምርበት ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። «እሺ፣ እትዬ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሁለት ጣሳ ይዞ መጣ። «ሰውዬ፣ በሩ እኮ የለም። ምናለ ጨመር አድርገህ ብትገዛ?» አልኩት።

«ስምንት ነው ያለችው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩትም፤ ፊቱ ላይ የሚከራከር ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ቀለሙን አቅጥኖ ለግራጫው ቦታ አንድ እጅ ሰጠው። ልስኑ ቀለሙን ጠጥቶ ዝም አለ። ከዚያ የቀረውን ግድግዳ በሙሉ ዞረው። ሲደርቅ ሁለተኛውን እጅ ጀመረ፤ መጨረሻው ጥግ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሮለሩ ደረቀ። ጣሳውን ዘቅዝቆ ጠርዙን በብሩሽ ጠረገው። የለም። ከጥጉ ጀምሮ ያለው ግድግዳ እንደ ሳሳ ሸሚዝ የድሮውን ቀለም አሳልፎ ያሳያል። ሮለሩን እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ማታ ደወለች። «ጨረስክ?»

እውነቱን ለመናገር፣ «አዎ» ይላል ብዬ ነበር። «አልበቃኝም፣ እትዬ» አላት።

«የእኔ ስምንት ሊትር አልበቃም?»

«አልበቃም።»

«አባከንክ?»

«አላባከንኩም።»

«የቀረህን ለካው።»

ሜትሩን ዘረጋ። «ከጥጉ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከላይ እስከ ታች። ሁለተኛው እጅ ብቻ ነው የቀረው።»

«አራት ካሬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ያለ» አለች፤ ለደንበኛ የምታሰላበት ድምፅ ነው። «አራት ካሬ በአንድ እጅ፣ ሁለት ካሬ በሁለት እጅ ማለት ነው። ሁለት ካሬ ግድግዳ ጨምራችኋል።» እኔና ባለቤቴ አልተያየንም። «መስኮቱን አልደፈናችሁትም፤ በጨለማ አትኖሩም። የውጪውን በር አልደፈናችሁትም፤ ቀለሙን በሱ ነው ያስገባኸው።»

ከዚያ ማስላቱን አቆመች። በስልኩ ውስጥ የልጇ ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ማን ገዛው?» አለች።

እኔ ነኝ የመለስኩት። «ባልና ሚስት ናቸው፣ እትዬ። ገና አልገቡም። አበባሽ እኛ ጋ ነው።»

«አንቺም ዝም አልሽ፣ ሙሽራ?»

«ማልቀስ የለባትም ተብሎ ነው።»

«አላለቅስም» አለች። አላለቀሰችም። «አዲስ ልስን ነው፣ ይጠጣል፤ ያቺ ፈቀቅ ያለችው ከዚያ ነው የመጣችው። አንድ ሊትር ግዛ። ጥጉን ጨርስና በሩ የነበረበትን አንድ እጅ ድገመው፤ አለዚያ ሲመሽ በመብራት ቅርፁ ይታይሃል።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ ባለቤቴ። ሮለሩን አሁንም አልለቀቀውም።

«ደግሞ ሌላ ጊዜ ያንን ክፍል ስትቀባ በልማድ እንዳትሳሳት» አለችው። «አንድ በር፣ አንድ መስኮት ነው። አራት ብቻ ቀንስ።»