ጠርሙሱ ይመስክር

ስለ እሷ ለመጻፍ ተገቢው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። በአንድ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት ሠርተናል፤ እሷ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፣ እኔ የቤተ ሙከራውን ዕቃ ቤት እጠብቃለሁ። የምንተዋወቀው በመስኮት ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ አቀብላለሁ። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለንም፤ እኔም ሰው የማዋራ ዓይነት አይደለሁም።

የፕላስና የማይነስ ምልክት ከአፏ ስለማይጠፋ ተማሪዎቹ «ፕላስ ማይነስ» ይሏታል። አንድ ቀን በመተላለፊያው ስታልፍ ከኋላዋ «ፕላስ ማይነስ መጣች» ሲሉ ሰማች። ዞር ብላ፣ «የቱ ነው ፕላሱ? ኤንታልፒው ወይስ ኤንትሮፒው?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ስም የሚጠሯት በፍቅር ነው።

እናቷን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለ የኪራይ ክፍል ታኖራለች። ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። በእረፍት ሰዓት እየሮጠች ሄዳ መድኃኒት ሰጥታቸው፣ እየሮጠች ትመለሳለች፤ ምሳዋን ቆማ ስትበላ እንጂ ተቀምጣ ስትበላ አይቼ አላውቅም። የምትሠራው በኮንትራት ነበር። ቋሚ ቦታ ሲከፈት፣ ርዕሰ መምህሯና የሳይንስ ክፍል ኃላፊው ቁጭ ብለው የሚያዩት የሙከራ ትምህርት እንድታስተምር ተጠራች። ካላለፈች ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ለእሷ ያለው ሥራ ደግሞ ሩቅ ከተማ ነው፤ እናትየውን ይዞ መሄድም፣ ጥሎ መሄድም አይሆንላትም።

የዚያን ዕለት ጠዋት መስኮቴ ላይ መጣች።

«ጋሼ፣ አሞኒየም ክሎራይዱን ይስጡኝ። የጋዝ ምድጃውንና ረጅሙን የሙከራ ቱቦም።»

«ቱቦውን አደራ፣ እንዳይሰበር።»

«ዛሬ የሚሰበር ካለ እኔ ነኝ» አለችና ሳቀች። ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ክፍሉ ገሰገሰች።

ምድጃው በእኔ ኃላፊነት ስለሆነ ተከትያት ገብቼ ከርዕሰ መምህሯና ከክፍል ኃላፊው ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

የክፍል ኃላፊው ቀጭን፣ ጥብቅ ሰው ነው። አራት ሳጥን ያለው ሰንጠረዥ አስገልብጦ ማስሸምደድ ይወዳል። እሷ ግን ሰንጠረዥ አልሳለችም። «አንድ ለውጥ በራሱ ይሄድ አይሄድ እንደሆነ የሚከራከሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ» ብላ ጀመረች። «ታላቁ ኤንታልፒ ነው። ማይነስ ከሆነ ሙቀት ይሰጣል፤ ይሂድ ይላል። ፕላስ ከሆነ ሙቀት ይወስዳል፤ አይሂድ ይላል። ታናሹ ኤንትሮፒ ነው፤ የእሱ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ፕላስ ከሆነ ነገሩ ይበተናል፣ ይሂድ ይላል፤ ማይነስ ከሆነ አይሂድ። ሁለቱም ይሂድ ካሉስ?»

«በየትኛውም ሙቀት ይሄዳል» አሉ ተማሪዎቹ።

«ሁለቱም አይሂድ ካሉ?»

«መቼም በራሱ አይሄድም።»

«ከተጣሉስ?»

መልሱን ራሷ ቀጠለች። «ሙቀት የታናሽየው ማይክሮፎን ነው» አለች። «ሲቀዘቅዝ ድምፁ አይሰማም፣ ታላቅየው ያሸንፋል። ሲሞቅ ግን ታናሽየው ይጮሃል።»

ከፊት የተቀመጠችው፣ ክርክር ስለማትጠግብ «ጠበቃ» የሚሏት ልጅ፣ «የእኔም ታናሽ እንደዚሁ ነው ቲቸር፣ ማይክሮፎን ባይኖረውም» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ኃላፊው አልሳቀም።

ከዚያ ወደ ጠርሙሱ መጣች። አሞኒየም ክሎራይድ ነጭ ጨው ነው፤ ሲፈርስ ሁለት ጋዞች ይሆናል። ለመፍረስ ሙቀት ይወስዳል፤ ኤንታልፒው ፕላስ። ከጠጣር ወደ ጋዝ ይበተናል፤ ኤንትሮፒውም ፕላስ። ስለዚህ የሚፈርሰው ሞቅ ሲል ብቻ ነው አሉ ልጆቹ። የስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚበቃው ለማወቅ ኤንታልፒውን ለኤንትሮፒው ማካፈል ነው። አንድ መቶ ሰባ ስድስትን ለሁለት መቶ ሰማንያ አምስት አካፈለችና ሰሌዳው ላይ «ዜሮ ነጥብ ስድስት ኬልቪን» ብላ ጻፈች።

ኃላፊው ብዕሩን አነሳ። እኔ ምንም አልገባኝም፤ የብዕሩን አነሳስ ግን አልወደድኩትም።

ጠበቃ እጇን አወጣች። «ይቅርታ ቲቸር፤ የኬልቪን ዜሮ ከዚያ በታች ቅዝቃዜ የሌለበት ነው ብለውናል። ይህ ክፍል ራሱ ሦስት መቶ ኬልቪን ገደማ ነው። በዜሮ ነጥብ ስድስት የሚፈርስ ከሆነ ጨው እንዴት ጠርሙሱ ውስጥ ተገኘ?»

«ጋሼ እስከ ዛሬ ባዶ ጠርሙስ ነው የሚጠብቁት በይኛ» አለ አንዱ፤ ዞረው ሳቁብኝ። ጆሮዬ ጋለ።

እሷ ሰሌዳውን አየች፤ እንደገና አየች። ጠመኔው እጇ ላይ እንደቆመ ቀረ። በኋላ ጠርሙሱን አንስታ ነቀነቀችው፤ ጨው ውስጡ ተንሸራተተ።

«ሰሌዳውና ጠርሙሱ ተጣልተዋል» አለች። «ማንን ታምናላችሁ?»

«ጠርሙሱን።»

«ለምን? ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ምልክቶቹም ለጠርሙሱ ይመሰክራሉ» አለች ጠበቃ። «ሁለቱም ፕላስ ከሆኑ ቅዝቃዜ ላይ መፍረስ የለበትም። ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።»

«እንግዲያ ስህተቱን ፈልጉልኝ።»

ክፍሉ ተተራመሰ። አንዱ ሌላውን «አንተ ደግሞ ስሌት ታውቃለህ?» ይላል፤ ሌላው ደብተር ይነጥቃል። ድንገት ከመስኮቱ ጥግ አንድ ዝምተኛ ልጅ ብድግ አለ። «ኪሎ ነው። ኤንታልፒው በኪሎ ጁል ነው፣ ኤንትሮፒው በጁል። በሺህ ማባዛት ረስተናል።»

አባዙት። ስድስት መቶ አስራ ስምንት ኬልቪን ገደማ ሆነ፤ በተለመደው ዲግሪ ሦስት መቶ አርባ አምስት አካባቢ። ልጆቹ ራሳቸው ያገኙት ያህል አጨበጨቡ፤ ያገኙትም ራሳቸው ናቸው።

«ገና አላለቀም» አለች። መስኮቶቹን አስከፈተች። ጨውን ከቱቦው ግርጌ ጨምራ ዘንበል አድርጋ አሰረችውና ምድጃውን ለኮሰች። «ግርጌው ይግላል። የቱቦው አንገት ግን ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ጋዞቹ ምን ይሆናሉ? ሳታዩ ንገሩኝ።»

«ወደ ኋላ ሲመለስ ምልክቶቹ ይገለበጣሉ» አለ ዝምተኛው ልጅ። «ማይነስ፣ ማይነስ።»

«ማይነስ ማይነስ ደግሞ የሚሄደው ሲቀዘቅዝ ነው» ብላ ጠበቃ ቀማችው። «አንገቱ ላይ ተመልሶ ጨው ይሆናል።»

ጠበቅን። ምንም የለም። ጨው ግርጌው ላይ ተኝቷል፣ ሰማያዊው ነበልባል ይልሰዋል። አንዱ «ታላቅየው አልሸነፍም አለ» ሲል ሹክ አለ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። እኔም ጨው ያረጀብኝ እንደሆነስ እያልኩ ወደ ወንበሬ ጠርዝ ተሳብኩ።

በኋላ ግርጌው ላይ የነበረው ጨው መሳሳት ጀመረ። አልቀለጠም፤ ዝም ብሎ ይጎድላል። ከላይ፣ ብርጭቆው በቀዘቀዘበት ቦታ፣ ነጭ ጭስ ዞረ፤ ከዚያም ጠርዙን እንደ በረዶ የሚከብ ነጭ ቀለበት ታየ። ልጆቹ ወንበር ላይ ወጡ። ርዕሰ መምህሯ ሳይታወቃቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው ልጆቹ መሃል ቆመው ነበር።

ከትምህርቱ በኋላ ርዕሰ መምህሯና ኃላፊው ከዕቃ ቤቴ በር ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት የምትጽፍ መምህርት ቋሚ ትደረጋለች?» አለ ኃላፊው።

«ሆን ብላ ነው የጻፈችው» አሉ ርዕሰ መምህሯ።

«በምን ያውቃሉ?»

«አርባ ልጅ ስህተት ሲያሳድድ አይቻለሁ፤ እርስዎ ሰንጠረዥ ሲያስሸመድዱ እንደዚያ ሲሆኑ አላየሁም። እንዲያም ሆነ እንዲህ፣ ይህን ያደረገችው እሷ ናት» አሉና ጉዳዩ በዚያ አለቀ። ኃላፊው ጥቂት አጉረመረመ፤ ፈረመ ግን።

በማግስቱ ቱቦውን ልትመልስ መጣች። ማለፏን ለእናቷ ስትነግራቸው «ታዲያ ዛሬም ምሳሽን ቆመሽ ነው የምትበይው?» ብቻ እንዳሏት ነገረችኝ። ይህን ያህል አውርታኝ አታውቅም። ድፍረት ሰጠኝ መሰለኝ፣ ጠየቅኳት።

«ልጄ፣ ያ ዜሮ ነጥብ ስድስት… አምልጦሽ ነው ወይስ አውቀሽ?»

ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። ነጩ ቀለበት አሁንም አንገቱ ላይ ተጣብቆ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ በውሃ ይለቃል አይደል?» አለችኝ።

«ይለቃል፤ እኔ ግን የጠየቅኩሽ…»

«እሱን እንኳ አልነግርዎትም» አለች፤ ቱቦውን እጄ ላይ አስቀመጠችና እየሮጠች ሄደች።