ለለቅሶ ቤት የጻፍኩት አንድ ገጽ

የኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይናል አራት ቀን ሲቀረው የዶርም ጓደኛዬ አባት አረፉ። ሁለታችንም ደብረ ብርሃን የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነበርን። ቤተሰቦቿ ከወለጋ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ይኖሩ ስለነበር፣ ለቅሶው ላይ ለመድረስ አንድ ባጃጅ በቃት። ደብተሮቿን አልጋዋ ላይ ትታ ሄደች።

ከቀብሩ ማግስት ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«አጠር አድርገሽ ጻፊልኝ። አንድ ገጽ ብቻ። ከዚያ በላይ ማንበብ አልችልም።»

«ሜካፕ ፈተና ጠይቂ እንጂ! ማን ይከለክልሻል?»

«ጠይቄያለሁ። ይፈቀዳል፣ ግን መቼ እንደሆነ አይታወቅም አሉኝ። ከእናንተ ጋር ብፈተን ይሻለኛል።»

ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት አንድ ወረቀት ላይ ለማስፈር ታገልኩ። ከላይ ስኬጁሊንግ፦ ፕሮሰሰሩ ተራ ለሚጠብቁት ሥራዎች እንዴት እንደሚዳረስ። መሃል ላይ ሜሞሪ፦ ፔጅ በሚባሉ እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ አድራሻው ለፔጁ መጠን ሲካፈል ድርሻው የፔጁ ቁጥር፣ ቀሪው ደግሞ ፔጁ ውስጥ ያለበት ቦታ ነው። የፔጁ መጠን 4096 ከሆነ አድራሻ 8200 ፔጅ ቁጥር ሁለት ውስጥ ባይት ቁጥር ስምንት ላይ ያርፋል፣ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር። ከታች ፋይል ሲስተም፦ አይኖድ የሚባለው መዝገብ የፋይሉን መጠን፣ ፈቃዱንና ብሎኮቹ ያሉበትን ይይዛል፤ ስሙን ግን አይይዝም፣ ስሙ ያለው ዳይሬክተሪው ውስጥ ነው።

ስጨርስ በሥራዬ ኮራሁ። ፎቶ አንስቼ የክፍላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ምስጋናው ጎረፈ። በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ወደ መጠለያው ሄድኩ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ብርዱ ከሥር ይገባል። ጓደኛዬ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ እናቷ አጠገብ ነበረች። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ለማውጣት አፈርኩ፤ እናትየው ግን አዩት።

«የትምህርቷ ነው?»

«አዎ፣ እማማ። ፈተና አለባት። ካልሆነ ግን...»

«ትፈተን» አሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ማልቀሱን ለኔ ትተወው። አባቷም ቢኖር ይህንኑ ነው የሚላት።»

ተያይዘን ወጣንና ድንኳኑ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ከላይ ጀምራ አነበበች። ራውንድ ሮቢን የሚባለው የተራ አሰጣጥ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ለምሳሌ እኩል የደረሱ ሦስት ሥራዎች ወስጄ ነበር፦ አንደኛው አምስት፣ ሁለተኛው ሦስት፣ ሦስተኛው አንድ ደቂቃ ይፈጃሉ። እያንዳንዱ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ካልጨረሰ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። የጠበቁበት ጊዜ ብዬ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አምስት ጽፌያለሁ።

«ይሄ የጨረሱበት ሰዓት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴት?»

«አንደኛው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚጨርሰው። ግን ከዘጠኙ አምስቱን ሲሠራ ነበር። የጠበቀው አራት ነው። ሁለተኛው አምስት፣ ሦስተኛው አራት።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ልክ ነበረች። መጀመሪያ የታሰበኝ እሷ አይደለችም፣ ግሩፑ ነው። ያን ሁሉ ምስጋና ተቀብዬ አሁን «ተሳስቻለሁ» ልበል? ከፈተናው በፊት ሌላ ሰው ያየው ይሆናል፣ ወይም ጥያቄው አይመጣ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

«ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?» አለችኝ።

«ለሁሉም ለጥፌዋለሁ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። «እንግዲያው አሁኑኑ ጻፊላቸው» አለችና እስክሪብቶ ተቀብላኝ ወረቀቱን አረመችው። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ስህተቴን ጻፍኩ፤ ያገኘችውም እሷ መሆኗን ጨመርኩበት። ሊያጽናና የሄደ ሰው ተጽናንቶ ሲመለስ እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅኩ።

ለፈተናው በጥቁር ልብሷ መጣች። ራውንድ ሮቢን ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበር። ኋላ ውጤቱ ሲወጣ እሷ ቢ ፕላስ አገኘች፣ እኔ ቢ።

የፈተናው ዕለት ከአዳራሹ እንደወጣን ወደ መጠለያው በእግር ሸኘኋት። ግማሽ መንገድ ስንደርስ፣ ሳልጠይቃት፣ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች፦ ስለ በቆሎ ማሳቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ስለ መሸፈናቸው፣ በተፈናቀሉ ቀን ሰው ሁሉ ሮጦ ሲወጣ እሳቸው ተመልሰው የሷን የትምህርት ማስረጃ ስለ ማውጣታቸው። እርምጃዬን ቀነስኩ። እሷም ቀነሰች፤ ወሬዋን እስክትጨርስ መንገዱ እንዲረዝምልን።