«የተወሰደ መፍትሔ» የሚለው ዓምድ

በጤና ጣቢያችን ዓመታዊው ሪፖርት የሚዘጋጀው ሐምሌ ላይ ነው። መረጃ ክፍል ስለምሠራ አርእስቱንም ቁጥሩንም የማሰናዳው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት የመንዝ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው እኔ፣ ኃላፊያችንና አዋላጃችን ሦስት ሆነን ስለ ውሃ እጦት ልንጽፍ ተቀመጥን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

የውሃ ፓምፑ ከተቃጠለ ቆይቷል። ክረምቱን በዝናብ ውሃ እንገፋዋለን፤ በጋ ሲመጣ ግን የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ጠብ አይልም። አዋላጇ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ወረዳው በቀጣዩ በጀት ፓምፕ እንዲይዝልን።

«ውሃው መጀመሪያ ገጽ ላይ ይግባ» አለች። «ቁጥሩም ይኸው፤ ወልደው ሃያ አራት ሰዓት ሳይቆዩ የሄዱ እናቶች። ከግማሽ በላይ ናቸው። መታጠቢያ አጥተው ነው የሚሄዱት።»

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲስተር፣ ወረዳው መጀመሪያ የሚያየው ክንውን ከዕቅድ አንጻር ነው። በተቋም የወለዱ በመቶኛ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት። ችግር መጨረሻ ነው የሚገባው።»

«መጨረሻውን ማን ያነበዋል?»

ቅጹ የወረዳው ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ምን ያድርጉ?

ቁጥሯን «ያጋጠሙ ችግሮች» ሥር አስገባሁላት። አጠገቡ «የተወሰደ መፍትሔ» የሚል ዓምድ አለ። ባዶ ልተወው ስል ኃላፊው ቆጡኝ፤ አምና ባዶ ትተነው ሪፖርቱ ተመልሶብናል። መፍትሔ ደግሞ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ አዋላጇ በሰለቸው ድምፅ፣ «ከወንዝ በአህያ እያስቀዳን ነው በል እንግዲህ። ውሸት አይደለም» አለች። አህያዋ የምታመጣው ለዕቃ ማጠቢያ እንኳ አይበቃም፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

ግምገማው ላይ የወረዳው ባለሙያ የየጤና ጣቢያውን ሪፖርት ጨምቆ አቀረበ። ከእኛው የእናቶቹ ቁጥር ተቆርጦ ወጥቷል፤ አህያዋ ግን አለች። «ችግርን በራስ አቅም የመፍታት ምርጥ ተሞክሮ» የሚል አርእስት ሰጥቷታል። ተጨበጨበ። አዋላጇ ተሞክሮዋን እንድታካፍል ማይክ ተሰጣት።

«አልተፈታም እኮ» አለች።

ሰው ሳቀ፤ ትሕትና መስሎታል። ፓምፑ በዚያው ዓምድ «ከአቅም በላይ» ብሎ ለጻፈ ሌላ ጤና ጣቢያ ተያዘ። እነሱም ቸግሯቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ለእኛ የደረሰን የምስክር ወረቀት ነው።

ጥር ላይ አንዲት እናት በወለደች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሄድ ተነሳች። አዋላጇ ለመነቻት፤ «እስከ ነገ ቆዪ፣ ደም ቢፈስሽ መንገድ ላይ ማን ይደርስልሻል?»

አራሷ ደም የደረቀበትን እግሯን አየች። «ቤቴ ቢያንስ ውሃ አለ፣ እህቴ» ብላ ባሏን ተደግፋ ወጣች።