ጓድ ደምሰውና ቀዩ ጠርዝ

ጓድ ደምሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለ እሱ ደግ ነገር ስለማይወጣኝ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነፋስ ስልክ፣ ከቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ፊት ለፊት ባለችው በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ነው የኖርኩት። የሰፊ እጁ እንጂ ዓይኑ ሥራ አይዝም፤ የሠፈሩ ገመና ሁሉ በፊቴ ሲያልፍ አይቻለሁ። ደምሰው ከአብዮቱ በፊት የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዕድር ላይ ከመጨረሻው አግዳሚ የሚቀመጥ፣ ሰላም ሲል እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው። ቀበሌ ሲቋቋም ሊቀመንበርነቱን የሚፈልግ ጠፋና ጭብጨባው እሱ ላይ አረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ወፈረ፣ አንገቱም ወፈረ፤ የካኪ ኮቱን ሁለት ጊዜ አስፍቼለታለሁ። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀበሌዎች የበላይ የሆነውን ከፍተኛውን። ከከፍተኛው ስልክ ሲደወል ከወንበሩ ተነስቶ፣ ኮቱን ቆልፎ ነበር የሚያነሳው።

ከኅብረት ሱቁ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ቢጫ ነበር። ትርጉሙን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚጭንና የሚያወርድ ብቻ ይቆምበታል፣ ያውም ሾፌሩ ከመኪናው ሳይርቅ፤ ሥራው ሲያልቅ ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ታች፣ መንገዱ ከሌላው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ድረስ ደግሞ ቀይ ነበር። በቀይ ላይ ማንም ለአፍታም አይቆምም። የቀረው ቀለም ያልነካው ድንጋይ ነው፤ እዚያ የፈለገ ያቆማል። ነገሩ ለማንም የሚገባ ነው። ጓድ ደምሰው ግን መኪና ኖሮት አያውቅም።

በ፲፱፻፸፩ ዓመተ ምሕረት ክረምት መጨረሻ፣ አምስተኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ ቀበሌዎች መንገዳቸውን እንዲያስውቡ ከከፍተኛው ትእዛዝ መጣ። አንድ ካድሬ እየዞረ ያያል ተባለ። በዚያው ሰሞን በደምሰው ቦታ ሌላ ሰው ሊተካ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ስለነበር ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ከየት እንዳመጣው ባላውቅም በርሜል ሙሉ ቀይ ቀለም አስመጣና ቀለም ቀቢውን ሁንዴሳን አስጠራው። ከፋብሪካው በር እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያለው ጠርዝ በሙሉ፣ ግራና ቀኙ፣ ቀይ እንዲሆን አዘዘው።

ሁንዴሳ ሥራውን ጀምሮ ሱቁ ጋ ሲደርስ ብሩሹን አንስቶ ቆመ። ቢጫውንም ልቀባው ወይ ብሎ ጠየቀ። ደምሰው ሊቆጣጠር ከጎኑ ቆሞ ነበር።

«ቢጫ የመሀል ሰፋሪ ቀለም ነው» አለው፤ «ወይ ቀይ ነው፣ ወይ አይደለም። ቀባው።»

በዚያ ዘመን መሀል ሰፋሪ የተባለ ሰው ማታ ቤቱ ለመግባቱ ዋስትና አልነበረውም። ሁንዴሳም ቀባው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ እኛም በየበረንዳችን ሆነን ዝም አልን። እውነቱን ለመናገር መንገዱ ሲያዩት ያምር ነበር።

አካባቢያችን ላይ የተመደበው ትራፊክ ሃምሳ አለቃ ሮበሌ ይባላል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ደንብ ለእሱ እንደ ጾም ነው፤ በምክንያት አይሻርም። በማግስቱ መጥቶ ከጥግ እስከ ጥግ የቀላውን መንገድ አየና የክስ ደብተሩን አወጣ። መጀመሪያ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሁልጊዜ በሚያቆምበት ቦታ ያቆማት ቮልስዋገን ተከሰሰች። ቀጥሎ ሁለት ታክሲ። ታክሲዎቹ ሰው ሊያወርዱ ለአፍታ ነበር የቆሙት፤ ቢሆንም ቀይ ቀይ ነው ተባሉ። በሳምንቱ በዚያ መንገድ ላይ የቆመ ጎማ ጠፋ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አልኩ በሆዴ፤ ቀለሙን ያስቀባው ሌላ፣ የሚቀጣው ሌላ። ደምሰው ግን ባዶውን መንገድ እያየ ደስ አለው። ቡርዣው መኪናውን ይዞ ሸሸ እያለ ያወራ ነበር። ድሬሰሩን መሆኑ ነው።

ከዚያ የስኳሩ መኪና መጣ።

እዚህ ላይ ነገሩ ይግባችሁ። ኅብረት ሱቁ ስኳር ካየ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ለዕንቁጣጣሽ ስኳርና ዱቄት ይመጣል ተብሎ ሴቱ ሁሉ ራሽን ካርዱን ይዞ ይጠብቃል። ደምሰውም ቢሆን ስሌቱን ያውቃል፤ ስኳር ያላገኘ ሰው በማግስቱ በአብዮት በዓል ሰልፍ አይወጣም፤ ሰልፉ ከሳሳ ካድሬው ያያል፤ ካድሬው ካየ ወንበሩ ሄደ።

ሾፌሩ እስጢፋኖስ ትልቁን ፊያት እየነዳ ሱቁ ፊት ሲደርስ ቢጫውን ፈለገ። ቀይ ሆኖ ጠበቀው። ፊት ለፊት ደግሞ ሮበሌ ቆሟል። መኪናውን ሳያቆም በመስኮት ጮኾ ጠየቀ፤ ሮበሌም አንድ ጆንያም ቢሆን በቀይ ላይ አይወርድም አለው። እስጢፋኖስ ዞሮ በጎን ባለው መንገድ ገባና ጥጉን እንዳለፈ ቆመ። ሮበሌ ሜትሩን ይዞ ተከተለው። ሁለቱ መንገዶች ከሚገናኙበት ጠርዝ ተነስቶ ለካ፤ የመኪናው ኋላ ደንቡ መቆም ከሚከለክልበት አሥራ ሁለት ሜትር ውስጥ ነው። ጥግ ላይ የቆመ ፊያት ከወዲያ የሚታጠፈውን ሰው ዓይን ይጋርዳል፤ እዚህ ላይ ሮበሌ እውነት ነበረው። እስጢፋኖስ ወደፊት እንዳይጠጋ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ጭቃ ነው፤ የነፋስ ስልክ የነሐሴ ጭቃ ጎማ ከዋጠ እስከ መስቀል አይመልስም። ቀዩ ከሚያልቅበት ደግሞ ያ ሁሉ ኩንታል በጀርባ እስከ ሱቁ አይመጣም። ሾፌሩ ቀድሞም ክስ ነበረበትና መንጃ ፈቃዴን አላስነጥቅም ብሎ ስኳሩን እንደጫነ ወደ መጋዘን ተመለሰ። ሴቶቹ ካርዳቸውን ይዘው የመኪናውን ጀርባ ሲያዩ የነበራቸውን ፊት አልረሳውም። ተናድጄ መርፌ ሰበርኩ።

ደምሰው እየሮጠ መጣ። ሮበሌን ለስኳሩ መኪና ብቻ እንዲፈቅድ ለመነው፣ አዘዘው፣ ቀጥሎም ሊያስፈራራው ሞከረ። ሮበሌ እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀዩን አጥፍተው ቢጫውን ይመልሱ፤ አሁኑኑ ይቆማል። አለበለዚያ ግን በቀይ ላይ መቆም ይቻላል ብለው እዚህ ሰው ፊት ይናገሩ» አለው።

ደምሰው የተሰበሰበውን ሰው ዞሮ አየ። አብዮቱ ወደፊት እንጂ አይቆምም እያለ አራት ዓመት ያስጮኸን ሰው በቀይ ላይ ይቆማል ሊል አልቻለም። ቀዩን አጥፉ ቢልማ የባሰ ነው።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። እትዬ አረጋሽ ተነሳች። አምስት ልጆች የምታሳድግ፣ የሐና ማርያምን ዳገት በውኃ እንስራ የምትመላለስ፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ነች። ያቺ የሱቁ ደጅ ያለችው ቁራጭ ብቻ ቢጫ ትቀባ፣ ስኳራችን ይግባ አለች። ካድሬው መነጽሩን ወደ ደምሰው አዞረ። ደምሰው ላቡን ጠረገ። ቀዩ በሰማዕታት ደም የመጣ መሆኑን፣ በመሀል ሰፋሪ ቀለም እንደማይሸፈን ብዙ ተናገረ። ከዚያም፣ ፈጣሪ ይሁን ፍርሃት አላውቅም፣ አንድ መላ ገለጠለት።

«መኪናው አይቆምም» አለ፤ «እየሄደ ይራገፋል።»

ካድሬው አጨበጨበ። ካድሬ ሲያጨበጭብ እጅ ያለው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሮበሌ ሲነገረው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ደንቡ የሚከለክለው መቆምን ነው አለ። በዝግታ እየሄዱ ከኋላ የሚመጣውን ማገድ ሌላ ጥፋት ነው፤ ከኋላ የሚመጣ እስከሌለ ድረስ ግን የሚከስስበት ነገር አጣ። እንዲያውም ከጥጉ ላይ ቆሞ መንገዱን ሊጠብቅ ተስማማ።

በጳጉሜን የታየው ነገር በነፋስ ስልክ ታይቶ አይታወቅም። ፊያቱ እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀ ይመጣል። ተሸካሚዎቹ፣ ያኔ ወዝአደሮቹ ነበር የሚባሉት፣ ከጎኑ እየተራመዱ ኩንታሉን በጀርባቸው ይቀበላሉ። ሱቁን ሲያልፍ መኪናው ሠፈሩን ዞሮ እንደገና ይመጣል። አንዱ ጆንያ ወድቆ ፈነዳ፤ የሁለት ወር ስኳራችን በቀዩ ጠርዝ ላይ ፈሰሰ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ሊያፍሱ ተሻሙ። ሊያይ የመጣው ካድሬ ፊቱን አጨማደደ። ደምሰው ይህን ሲያይ ደነገጠና ኮቱን አውልቆ፣ አመራር ማለት ምሳሌ መሆን ነው ብሎ እሱ ራሱ ከመኪናው ጎን ገባ። አራት ዓመት ከወንበር ሌላ ያልተሸከመ ጀርባ ኩንታሉን ተቀበለ። ሁለት እርምጃ ሄደ። እግሩ ከጠርዙ ላይ ተንሸራተተና ከነኩንታሉ ወደቀ። ጉልበቱ ሲሰበር እኔ በረንዳ ድረስ ተሰማኝ።

ሮጠን አነሳነው። ፊያቱ ጥጉን ታጥፎ ሄዷል፤ ሠፈሩን ዞሮ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም። ካድሬው በቀበሌው ግቢ ባቆመው መኪናው ቀድሞ ወጥቷል፤ ቸኩሎ ይሁን ተጸይፎ አልታወቀም። ሃምሳ አለቃ ሮበሌ መሐል መንገድ ገብቶ ታክሲ ሊያስቆም እጁን ዘረጋ። ለሕመምተኛ ይፈቀዳል እያለ ይጮኻል። ግን ማን ይመነው? ያ ሁሉ ባለ ታክሲ በእሱ እጅ ተቀጥቷል። የመጀመሪያው ሴይቼንቶ ታክሲ ቀዩን አየ፣ ሮበሌን አየ፣ ነዳጅ ሰጠና አመለጠ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ይባስ ብሎ በመስኮት እጁን አውጥቶ፣ አልቆምኩም፣ መስክሩ እያለ አለፈ።

ቀለም ወደሌለበት ድንጋይ ከመሸከም ሌላ አማራጭ አልነበረም። ከኅብረት ሱቁ የብረት በር አንዱን ነቅለን ደምሰውን አስተኛንበትና በጠርዙ ዳር ዳር ይዘነው ሄድን። እኔ አንዱን ጫፍ ይዣለሁ፤ ስለዚህ የምነግራችሁ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ሰውየው ይቃትታል። ፊቱ ነጭ ሆኗል። አዘንኩለት፤ ይህን መካድ አልችልም። ትንሽ እንደሄድን ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ደረስን ወይ ብሎ ጠየቀ። እጅ ቀይረን መንገዳችንን ቀጠልን። ጥቂት ቆይቶ አሁንም ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ያፈሰችውን ስኳር በነጠላዋ ቋጥራ ከጎኑ የምትሄደው እትዬ አረጋሽ ወደ መንገዱ ጫፍ ቀና ብላ አየች።

«አይ ጓድ ሊቀመንበር» አለችው፤ «ቀዩ ገና አላለቀም።»