ከፀሐይ የተደበቀችው ልጄ

የልጄ መምህር «ሰሌዳው ላይ ያለውን ከጓደኛዋ ደብተር ነው የምትገለብጠው» ሲለኝ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። አልደነገጥኩም። ከእኔ እንደወሰደችው ያኔውኑ ገባኝ። የእኔ የመነጽር ቁጥር አሥራ አንድ ነው፤ ቀኝ ዓይኔ ደግሞ ጭራሽ አያይም። ልጄ ገና ጡት ስትጠባ በዚያ ዓይኔ ጥግ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይታየኝ ጀመር፣ ከዚያ ከጎን በኩል ጥቁር መጋረጃ ወረደ። ዛሬ ነገ ስል ጎንደር የደረስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ፣ ቅርብ እንጂ ሩቅ የማያይ ዓይን ከልክ በላይ ሲረዝም ከኋላው ያለው ስስ ሽፋን ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይላቀቃል አለኝ። ዘግይተሻልም አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ልጄን ሰቆጣ ሆስፒታል ወሰድኳት። የመነጽር ባለሙያው ወጣት ነው፤ ሲናገር ችኩል፣ ሲለካ ግን ዝግ ያለ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አድርጎ፣ ጠብቆ፣ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን እያበራ ለካት። ቁጥሯ አንድ ነበር። ተራ መነጽር አደረገች። በዓመቱ ስንመለስ ሁለት ከሩብ ሆኗል።

«ይሄ ፈጠነ» አለ። «መነጽሩ እንድታይ ያደርጋታል እንጂ ዓይኗ መርዘሙን አይዘው። በዚህ አካሄዷ ሃያ ዓመት ሳይሞላት እርስዎ ጋ ትደርሳለች።»

እኔ ጋ ማለት የት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም። አንዱን ዓይኔን ሲያይ ሌላውን ላለማየት ይጠነቀቅ ነበር።

ሦስት ነገር አዘዘ። አስተማሪ ነኝና ጻፍኩ። አንደኛ፣ በየቀኑ በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ ትዋል። ፀሐይዋን ትይ ማለት አይደለም፣ ዛፍ ጥላ ሥርም ቢሆን ይሁን፤ የደጅ ብርሃን ከቤት ብርሃን ብዙ እጥፍ ይበልጣል አለኝ። ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልዩ መነጽር። መሐሉ ጥርት ያለ ነው፤ ዙሪያውን ግን ዓይን የማይለያቸው ጥቃቅን ነጠብጣብ ሌንሶች አሉበት። በጎን የሚገባውን ብርሃን ቀደም ብለው ስለሚሰበስቡት ዓይኑን «በቃህ፣ አትርዘም» ይሉታል። የሚሠሩት ግን ከዓይኗ ካልወለቁ ነው። ሦስተኛ፣ አትሮፒን የሚባል ጠብታ። ሆስፒታሉ ያለው ከሚያስፈልጋት ሃያ እጥፍ ብርቱ ስለሆነ እንዳይነኩት አለኝ፤ አዲስ አበባ አቅጥነው የሚሠሩ መድኃኒት ቤቶች አሉ። በበረዶ ዕቃ በወልድያ በኩል ይመጣል፣ በየወሩ አዲስ ጠርሙስ ይከፈታል፣ ማታ ስትተኛ በየዓይኗ አንድ አንድ ጠብታ።

«ያቆመዋል?» አልኩት።

«ያዘገየዋል። ማዘግየት ነው የምንችለው።»

ነገሩ አስቸጋሪ የሚሆነው እኔ ቤት ስለማልውል ነው። የማስተምረው ከሰቆጣ ራቅ ብሎ ደሃና ነው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ዓርብ እመለሳለሁ። ባሌ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። ልጄን ሰቆጣ የሚያሳድጉልኝ እናቱ፣ አማቴ ናቸው። ሁለቱ ሲያወሩ በአገውኛ ነው። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ አሥር ዓመት ኖሬ የምሰማው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው።

እሑድ ማታ ሻንጣዬን እያሰርኩ ሦስቱን ነገር ነገርኳቸው። ጠብታ፣ መነጽር፣ ደጅ። በጣታቸው እየቆጠሩ ደገሙልኝ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ባለሙያው ሌላም ነገር ብሎኝ ነበር፤ ጠብታው ብሌኗን ትንሽ ሊያሰፋው ይችላል፣ ብርሃን ሊያስቸግራት ይችላል፣ ባርኔጣ ይበቃታል። እሱን ረሳሁት። ስለረሳሁት የማቀርበው ሰበብ የለኝም።

ስድስት ወር አለፈ። ዓርብ ዓርብ ስመጣ ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ አያለሁ፤ ልክ መጉደል የሚገባውን ያህል ጎድሏል። አማቴ አንድም ማታ አልዘለሉም። ቅዳሜና እሑድ እኔ ፈተና አርማለሁ፣ ልጄ አጠገቤ ታነባለች። ደጅ ውጪ ብያት እንደሆን አላስታውስም። ጎበዝ አንባቢ ናት፣ ያኮራኝ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መሰለኝ እያልኩ ነው የምናገረው፣ የተሰማኝን በእርግጠኛነት ስለማላውቅ።

በስድስተኛው ወር ባለሙያው ደግሞ ለካት። ሦስት ሆኗል። መልሶ ለካ። ያው ሦስት ነው።

«ጠብታው ሁሉም ልጅ ላይ እኩል አይሠራም» አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «የኔ ቆንጆ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የት ነው የምትውይው?»

«ጓዳ።»

«ደጅስ?»

«አያቴ ፀሐይ ይመታሻል ትላለች። መስኮቱንም ትዘጋዋለች።»

«መነጽርሽስ?»

«ከትምህርት ቤት ስመጣ ታስቀምጥልኛለች። ፀሐይ ይስባል።»

«በእረፍት ሰዓት ግን ትወጫለሽ አይደል?»

«ክፍል ውስጥ ነው የማነበው። አያቴ ለመምህሩ ነግራዋለች።»

ባለሙያው ብዕሩን አስቀመጠ። ጨለማ ጓዳ ውስጥ መጽሐፍ አፍንጫ ላይ ለጥፎ መዋል ራሱ እንደሚገፋው፣ ጠብታው ብቻውን ሲታገል እንደከረመ ነገረኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ አማቴ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ልጄን ጎረቤት ላክኋት።

«እማማ፣ ደጅ ትጫወት አላልኩም?»

«ብለሻል።»

«ታዲያ?»

«ጠብታውን በጀመረች በሳምንቱ ብሌኗ ሲሰፋ አየሁ። ደጅ ስትወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። መድኃኒት የነካው ዓይን ፀሐይ ካገኘው ምች ነው፣ ይኸው አንቺን እንደመታሽ። ልጄን ቀበርኩ። የእሷን ዓይን ደግሞ ልቅበር?»

ምች መታኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንጋባ ሽማግሌ ሲላክ፣ ዘር ሲቆጠር፣ በቤታችሁ በሽታ አለ ወይ ሲባል፣ አባቴ የለም አለ። እኔም መነጽሬን ቦርሳዬ ከትቼ ነው ሙሽራ የሆንኩት። ባሌ ያውቃል፣ እናቱ አያውቁም። ከዚያ ቀኝ ዓይኔ ሲጠፋ፣ ከጎንደር መልስ ምን ሆነሽ ሲሉኝ፣ ከዘር የመጣ ነው ማለት ፈራሁ። የልጅ ልጅ አስታቅፋ ጉድለቷን ለዘራቸው ያመጣች ምራት መሆን አልፈለግኩም። «ከቤት ብቅ ስል ፀሐይ መታኝ፣ ምች ነው» አልኳቸው። አለቀሱልኝ። ዳማከሴ ቆርጠው አሽተው አሸተቱኝ። ውሸት ቀላል ነገር ነው፣ አንዴ ከተናገሩት ራሱን ችሎ ይኖራል፤ እኔ ረስቼው እሳቸው ለስድስት ወር ልጄን ከለሉበት።

ያን ቀን እውነቱን አልነገርኳቸውም። ማግስቱ ቅዳሜ ነው፣ ፈተና አረምኩ። ልጄ መጽሐፏን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ አይቼ እንኳ ማረሜን ቀጠልኩ። ፈሪ ነኝ፣ ይሄን ሌላ ስም አልሰጠውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው አጠገባቸው ሄጄ የተቀመጥኩት።

«እማማ፣ ምች አይደለም» አልኳቸው። «ዓይኔ ከልጅነቴ ነው። ከዘር ነው። ለእሷም የተረፋት ከእኔ ነው። ደጅ ካልዋለች እንደ እኔ ትሆናለች።»

ነጠላቸውን አጣጥፈው እስኪያስቀምጡ ጠበቅኩ።

«ማየት እንደማትችይማ በመጣሽ በሳምንቱ አውቄያለሁ» አሉ። «በሩ ላይ የተደገፈውን የገብስ ከረጢት ሰው መስሎሽ ጎንበስ ብለሽ ደህና አደሩ አልሽው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ልጄ ወዶሻል። የሚያገባው ዓይን አይደለም። ምቹን ግን አመንኩሽ።»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ደሃና አልሄድኩም፤ ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤት ሄድኩና መምህሩን በእረፍት ሰዓት እንዲያስወጣት ለመንኩ። ባርኔጣ ገዛሁ። ለአማቴ ሁሉንም ከነምክንያቱ ነገርኳቸው፤ ብሌኗ የሚሰፋው ጠብታው ስለሚሠራ እንጂ ስለታመመ እንዳልሆነ፣ ጥላ ሥር ብትውልም እንደሚበቃት። እሳቸው ጥያቄ ያበዛሉ፣ ተማሪዎቼ ቢሆኑ እንዴት ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት መልስ እንዝርታቸውን ይዘው ከግቢው ግንብ ሥር ይቀመጣሉ፤ ልጄ መነጽሯን እንዳደረገች ከሰፈር ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለች ትጫወታለች። ልትገባ ስትል «ገና ነው» ይሏታል። መጽሐፍ ይዛ ከወጣች ይቀሟታል።

ሌላ ስድስት ወር አለፈ። ሆስፒታል ሦስታችንም ሄድን። ባለሙያው ለክቶ ፈገግ አለ። ሦስት ከሩብ።

«ሩብ ብቻ ነው የጨመረችው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው። እንዲሁ ቀጥሉ፣ ጠብታውንም በገዛ ፈቃዳችሁ እንዳታቋርጡ።»

እሰይ አልኩ፣ እንደሚባለው። አማቴ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም።

«የባለፈውስ?» አሉት። «እኔ ጓዳ ያስቀመጥኳት ጊዜ የሄደው፣ አሁን ደጅ ስትውል ይመለሳል?»

ወጣቱ እኔን አየኝ። «አይመለስም እናቴ። አንዴ የረዘመ ዓይን አያጥርም።»

«ስንት ነው እሱ?»

«ሰባ አምስት ሳንቲም በሉት። ከአንድ ቁጥር ሩብ የጎደለው።»

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔ ነው እንግዲህ» አሉ።

«የእርስዎ አይደለም፣ እማማ። የእኔ ነው።»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች» አሉኝና እጇን ይዘው ወጡ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደሃና የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ባሌ ሲቀበር አላለቀስኩም፣ ሰው ሁሉ ምነው ደረቀች ብሎኛል፤ እውነትም ደርቄ ነበር። ከተማውን እንደለቀቅን ያለ ምንም ምክንያት ማልቀስ ጀመርኩ። ጎኔ ያለችው ሴት ምን ሆንሽ እህቴ አለችኝ። ፊቴን ስጠርግ ሁለቱንም ጉንጮቼን ርሰው አገኘኋቸው። ቀኝ ዓይኔ ካላየ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ እሱም ያለቅስ ነበር።